የፍቺ አቤቱታ ላይ የልጆች አስተዳደግና የቀለብ ክፍሉ እንዴት ይጻፋል?

የፍቺ አቤቱታ ሲጻፍ ብዙ ቀለም የሚፈሰው ባልና ሚስት በተበዳደሉት ነገር ላይ ነው። ልጆቹ የሚመጡት መጨረሻ ላይ፣ በሁለት መስመር ነው። «ልጆቹ ከእኔ ጋር እንዲሆኑ፣ አባታቸውም ተገቢውን ቀለብ እንዲቆርጥ ይወሰንልኝ» ይባልና ይፈረማል። እኔ ግን በመዝገቡ ውስጥ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ሁለት መስመር ነው። ጋብቻው በአንድ ውሳኔ ያበቃል። የልጆቹ ጉዳይ ግን 18 ዓመት እስኪሞላቸው አብሮ ይኖራል።

የማወራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ስለሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም ስለ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ሊኖራቸው ስለሚችል፣ ክልል ውስጥ የሚያመለክት ሰው የአንቀጽ ቁጥሮቹን ከክልሉ ሕግ ጋር ያመሳክር።

መጀመሪያ አንድ ሸክም እናውርድ። ሕጉ «ለምን እንደምትፋቱ ዘርዝሩ» ብሎ አያስገድድም። ከፈለጋችሁ ምክንያቱን መጻፍ ትችላላችሁ፣ ካልፈለጋችሁ መተው ትችላላችሁ። ስለዚህ ሦስት ገጽ ሙሉ «አምሽቶ ይገባል፣ ዘመዶቼን ይንቃል» እያሉ መጻፍ ለልጆቹ ጥያቄ አንድም አይጨምርም። ልዩ የሚሆነው ጥፋቱ ልጆቹን ሲነካ ነው። ልጅ ተመትቶ ከሆነ፣ ልጅ ፊት ድብደባ ከነበረ፣ ወይም የልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ለመጠጥ ከዋለ ይጻፍ። ሲጻፍም መቼ እንደሆነ፣ ማን እንዳየው፣ የፖሊስ ወይም የሐኪም ወረቀት ካለ እሱም አብሮ ይጠቀስ። «ጨካኝ ነው» ማለት ብቻ ማስረጃ አይሆንም።

ታዲያ ዳኛው ምን ያያል? አንቀጽ 113 ግልጽ ነው። ፍርድ ቤቱ ፍቺን ሲወስን ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚኖሩ፣ ትምህርታቸው፣ ጤናቸውና ቀለባቸው እንዴት እንደሚሆን፣ ወላጆችና ልጆች እንዴት እንደሚጠያየቁ አብሮ ይወስናል። ይህን ሲያደርግ የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና አኗኗር፣ እንዲሁም የልጆቹን ዕድሜና ጥቅም ያመዛዝናል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ልጆችን የሚመለከት እርምጃ ሲወሰድ የልጁ ደኅንነት ቀዳሚ መሆን አለበት ይላል። የሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 ይህንኑ መርህ ተከትሎ፣ አባት በሕግ ያለውን የአሳዳሪነት መብት ይዞ ቢመጣም የልጁ ጥቅም እንደሚቀድም ወስኗል። በዚያ መዝገብ ልጁ ያደገው ከአክስቱ ጋር ነበር፣ እዚያው እንዲቆይም ተደርጓል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። «ልጁ ሕፃን ስለሆነ ለእናቱ መሰጠቱ አይቀርም» ይባላል። ይህ ሐሳብ ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቀረ ነው። ያ ሕግ እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ ከባድ ምክንያት ከሌለ በቀር ከእናቱ ጋር ይሁን ይል ነበር። በ213/1992 እንዲህ ያለ ድንጋጌ የለም። በተግባር ትንንሽ ልጆች ብዙ ጊዜ ከእናት ጋር ይሆናሉ፣ ግን ያ የሚሆነው የዕለት እንክብካቤው በእናት እጅ ስለነበረ ነው። እናት «እናት ነኝ» ብላ ብቻ ብትቀመጥ፣ አባትም የልጆቹን ውሎ በዝርዝር ጽፎ ቢመጣ፣ መዝገቡ ላይ የሚነበበው የእሱ ነው። ገቢያቸው አነስተኛ የሆኑ እናቶችም «ደመወዜ ትንሽ ስለሆነ ልጆቹን እነጠቃለሁ» ብለው ይሰጋሉ። ገቢ ከሚመዘኑት አንዱ ብቻ ነው፣ ቀለብ የሚባለው ነገር ያለውም ክፍተቱን ለመሙላት ነው።

አንድ ጉዳይ ይዘን እንሂድ። ለማሳያ ያዘጋጀሁት ነው። እናት የጤና ጣቢያ ነርስ ናት፣ እጇ ላይ የሚገባው 10,000 ብር ነው። አባት የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ደመወዙ 30,000 ብር ሲሆን ግብርና ጡረታ ተቀንሶ እጁ ላይ የሚደርሰው 20,000 ገደማ ነው። የ9 ዓመት ወንድ ልጅና የ4 ዓመት ሴት ልጅ አሏቸው። እናት አሁን ያሉበትን የኪራይ ቤት ይዛ ከልጆቹ ጋር መቀጠል ትፈልጋለች።

የእሷ አቤቱታ የልጆቹን ክፍል እንዲህ ቢጽፈው ዳኛው የሚይዘው ነገር ያገኛል፦

«ልጆቹ ከተወለዱ ጀምሮ የሚኖሩት አመልካች አሁን በምኖርበት ቤት ነው። ወንዱ ልጅ ከቤቱ በእግር 10 ደቂቃ በሚያስኬድ ትምህርት ቤት 3ኛ ክፍል ይማራል፣ ሴቷም እዚያው መዋዕለ ሕፃናት ገብታለች። ጠዋት የማደርሳቸውና ማታ የቤት ሥራ የማሠራቸው እኔ ነኝ። ሴቷ ልጅ አስም ስላለባት የሐኪም ክትትሏን ሳላቋርጥ የማደርገው እኔ ነኝ። የአዳር ተራ ሲደርሰኝ እናቴ አብራቸው ታድራለች። ልጆቹ አብረው ያደጉ በመሆናቸው መለያየታቸው ይጎዳቸዋል።»

«ጥሩ እናት ነኝ» የሚል ቃል የለበትም። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ግን የሚረጋገጥበት መንገድ አለው። ትምህርት ቤቱ ወረቀት ይጽፋል፣ ሐኪም ቤቱ ካርድ አለው፣ ጎረቤትና አያት ይመሰክራሉ። የአዳር ተራውንም ራሷ አንስታዋለች። ዝም ብትል ኖሮ አባት «ሌሊት ቤት የማትገኝ እናት» ብሎ በመልሱ ይዞት ይመጣ ነበር። ደካማ ጎንን ከነመፍትሔው ቀድሞ መጻፍ ይሻላል። ፍርድ ቤቱ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ቤት ድረስ ልኮ ሊያስጠና ወይም ልጁን ሊያነጋግር ይችላል። አቤቱታው ላይ ያለውና ባለሙያው የሚያየው ካልገጠመ የሚጎዳው አቤቱታውን የጻፈው ሰው ነው።

ከዚያ የሚጠየቀው ዳኝነት ይመጣል። «ልጆቹ ከእኔ ጋር ይሁኑ» ማለት አይበቃም። ሕጉ ሁለት ነገሮችን ይለያል። አሳዳሪ የልጁን አካልና አስተዳደግ ይጠብቃል፣ የት እንደሚኖርና እንዴት እንደሚማር ይከታተላል። ሞግዚት ደግሞ በሕግና በንብረት ጉዳይ ልጁን ይወክላል። አብዛኛውን ጊዜ ልጆቹ ከአንዱ ጋር ይኖራሉ፣ በንብረትና በሕግ ጉዳይ ግን ሁለቱም ወላጆች ድርሻ እንዲኖራቸው ይፈለጋል። የምትፈልጉትን ለይታችሁ ጠይቁ። ውሳኔው ስለ ሞግዚትነት ዝም ካለ፣ በኋላ ፓስፖርት ለማውጣት ወይም ልጁ የወረሰውን ነገር ለማስተዳደር ስትሄዱ ሌላ መዝገብ መክፈት ሊያስፈልጋችሁ ይችላል። በእኛ ምሳሌ እናት አሳዳሪነቱ ለእሷ፣ ሞግዚትነቱ ለሁለቱም በጋራ እንዲሆን ትጠይቃለች። በልጆቹ ንብረት ላይ ከአባታቸው ጋር ጠብ የላትምና ይህ ለልጆቹም ይበጃል።

መጠያየቁም እንዲሁ በዝርዝር ይጻፍ። «አባት በፈለገ ጊዜ ማየት ይችላል» የሚለው ቸርነት ይመስላል፣ ግን የነገ ጠብ የሚጀምረው ከዚያ ነው። የፈለገበት ሰዓት ሌሊት 4 ሰዓት ይሆናል፣ ወይም ስድስት ወር ሙሉ አይፈልግም። ይልቅ እንዲህ ይሁን፦ በየሳምንቱ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት፣ አባት ከቤቱ በር ተረክቦ እዚያው እንዲመልስ፤ ገናን ከአንዱ፣ ፋሲካን ከሌላው ጋር ሆኖ በየዓመቱ እንዲቀያየር፤ ክረምት ትምህርት ሲዘጋ 2 ሳምንት ከአባት ጋር እንዲያሳልፉ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ማታ በስልክ እንዲያገኛቸው። ሴቷ ልጅ አስም ስላለባት አባት ሲረከባት መድኃኒቷን አብሮ እንዲይዝ የሚል አንድ መስመር ይጨመር። ድብደባ ባለበት ቤት ደግሞ ርክክቡ በር ላይ መሆን የለበትም። በዘመድ በኩል ወይም ሁለቱም በሚስማሙበት ሦስተኛ ሰው ፊት ይሁን ተብሎ ይጠየቅ።

እዚህ ላይ ለሁለቱም ወገን አጥብቄ የምናገረው ነገር አለ። ቀለብና መጠያየቅ አይነጋገዱም። «ካልከፈለ ልጆቹን አያይም» ወይም «ካላሳየችኝ አልከፍልም» የሚል ዓረፍተ ነገር አቤቱታ ላይ አይግባ። ሁለቱም የልጁ መብቶች ናቸው፣ ሕጉም የመጠያየቅ መብቱን ለወላጆችና ለልጆች ነው የሰጠው። ያልከፈለ ሰው ላይ የአፈጻጸም መዝገብ ይከፈታል፣ ልጅ አይከለከልም።

አሁን ወደ ቀለቡ እንምጣ። ብዙ አቤቱታ የሚወድቀው እዚህ ነው። «በወር 15,000 ብር ቀለብ ይቆረጥልኝ» ይባላል፣ ከየት እንደመጣ ግን አይታወቅም። ዳኛው ማስረጃ ሲያጣ በግምት ይወስናል፣ ግምት ደግሞ ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላል። ሕጉ የሚለው የቀለብ መጠን የሚወሰነው በተቀባዩ ፍላጎትና በሰጪው አቅም ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ፍላጎቱን በብር አስቀምጡት፣ ቀጥሎ አቅሙን አሳዩ። ቀለብ ሲባል ምግብ ብቻ እንዳልሆነም አትርሱ። አንቀጽ 197 መኖሪያን፣ ልብስን፣ ጤናንና ትምህርትን አብሮ ይዟል።

የእኛዋ እናት ደረሰኞቿን ሰብስባ ቁጭ አለች እንበል። የሁለቱ ልጆች ትምህርት ቤት በወር 2,700 ብር ነው፣ የሚከፈለው ግን በዓመት 10 ወር ነው። 27,000 ይሆናል። ምዝገባ፣ የደንብ ልብስና መጻሕፍት በዓመት 9,000 ይፈጃሉ። ድምሩ 36,000 ነው፣ ለ12 ሲካፈል በወር 3,000 ብር ይመጣል። ብዙ ሰው ይህን ሒሳብ ስለማይሠራ፣ ወይ የክረምቱን ወራት ጨምሮ ያጋንናል፣ ወይ መስከረም ላይ የሚመጣውን ዱብ ዕዳ ይረሳል። ምግብ ለሁለቱ በወር 4,500። የቤት ኪራዩ 6,000 ነው፣ የልጆቹን ድርሻ በግማሽ ስትይዘው 3,000። የቤት ሠራተኛ ደመወዝ 3,000፣ ግማሹ 1,500። ልብስና ጫማ በወር ሲታሰብ 600። የአስም መድኃኒትና ክትትል 600። ጠቅላላው 13,200 ብር ነው።

ይህን ሁሉ በአባት ላይ መጫን ስህተት ነው። ልጆቹ የሁለቱም ናቸው፣ እሷም ገቢ አላት። እጃቸው ላይ የሚገባው ገንዘብ 20,000 እና 10,000 ስለሆነ በሁለት ለአንድ ብንከፍለው አባት 8,800፣ እናት 4,400 ይደርሳቸዋል። ሕጉ እንዲህ ያለ ስሌት አያዝም፣ ዳኛውም ዝቅ አድርጎ ሊወስን ይችላል። ግን አቤቱታው «እኔም የድርሻዬን ይዣለሁ» ስለሚል ጥያቄው ሚዛኑን የጠበቀ ሆኖ ይታያል። ተከራክሮ ለመቀነስ የሚፈልግ አባትም ከየትኛው ወጪ እንደሚቀነስ መናገር ይኖርበታል።

8,800ውን በአንድ ድምር ከመጠየቅ ለሁለት መክፈል ይሻላል። የትምህርት ቤቱን 3,000 አባት ራሱ በትምህርት ቤቱ ሒሳብ ይክፈል፣ ቀሪውን 5,800 በወር በጥሬ ገንዘብ ይስጥ። ክፍያው በመስከረም ቢጨምር ለትምህርት ብቻ ሲባል ተመልሶ ፍርድ ቤት መሄድ አይኖርም፣ አባትም ገንዘቡ ለምን እንደዋለ ያያል። ዳኝነቱ ታዲያ ሊፈጸም በሚችል ቋንቋ ይጻፍ፦

«ተጠሪ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ምዝገባ፣ የደንብ ልብስና መጻሕፍት ትምህርት ቤቱ በሚያወጣው የክፍያ ማስታወቂያ መሠረት በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ እንዲከፍል፤ በተጨማሪም አቤቱታው ከቀረበበት ቀን ጀምሮ በየወሩ ብር 5,800 ቀለብ፣ ወሩ በገባ እስከ 5ኛው ቀን፣ በአመልካች የባንክ ሒሳብ እንዲያስገባ፤ ለዚህም አፈጻጸም ከደመወዙ ተቀንሶ ገቢ እንዲሆን ለሚሠራበት ድርጅት ትእዛዝ እንዲሰጥልኝ፤ ልጆቹ ሆስፒታል ተኝተው የሚታከሙበት ወጪ ሲያጋጥም ከደረሰኙ ሁለት ሦስተኛውን ተጠሪ እንዲሸፍን።»

«ተገቢውን ቀለብ»፣ «እንደ አቅሙ»፣ «የልጆቹን ወጪ በሙሉ» የሚሉ ቃላት እዚህ የሉም። እንዲህ ያለ ውሳኔ ይዛችሁ ወደ አፈጻጸም ብትሄዱ ስንት ብር እንደሚፈጸም የሚያውቅ አይኖርም። ከደመወዝ ስለመቀነስ ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከሠራተኛ የወር ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቀነሰው ከአንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ይላል። የዚህ አባት አንድ ሦስተኛ 10,000 ስለሆነ 5,800 ይገባል። ግን ቀድሞ የብድር ተቀናሽ ካለበት ቦታው ይጠባል። በደመወዝ ብቻ ከመንጠልጠል በፊት ይህን አጣሩ።

አባት ነጋዴ ቢሆንስ? «ገቢ የለኝም» የሚለው መልስ የተለመደ ነው። ያኔ አቤቱታው የሚታየውን ይዘርዝር፦ የንግድ ፈቃዱን፣ የሚነዳውን መኪና፣ የሚከፍለውን የሱቅ ኪራይ፣ ከመለያየታቸው በፊት በየወሩ ለቤት ያስገባ የነበረውን ገንዘብ። ከገቢዎች መሥሪያ ቤትና ከባንክ ማስረጃ እንዲቀርብ ፍርድ ቤቱ ትእዛዝ እንዲሰጥም በማስረጃ ዝርዝሩ ላይ ይጠየቅ፣ እነዚህን ወረቀቶች ባለጉዳይ በራሱ አያገኛቸውምና። አባት ዓረብ አገር ወይም አሜሪካ ከሆነ የላካቸው የሐዋላ ወረቀቶች ጥሩ ማሳያ ናቸው። የውጭ ደመወዙን ከዚህ ሆኖ ማስቀነስ ስለሚከብድም፣ ቀለቡ እዚህ ባለው የጋራ ንብረት ድርሻው ላይ እንዲፈጸም አስቀድሞ መጠየቅ ይጠቅማል።

ጊዜያዊ ትእዛዝ መጠየቅን አትርሱ። አንቀጽ 82 አቤቱታው እንደቀረበ ፍርድ ቤቱ ስለ ተጋቢዎች መተዳደሪያ፣ ስለ ልጆች አጠባበቅና ቀለብ፣ ስለ ንብረቱም አያያዝ ወዲያው ትእዛዝ እንዲሰጥ ያዛል። ለማስታረቅ የሚሰጠው የማሰላሰያ ጊዜ ብቻውን እስከ 3 ወር ሊሆን ይችላል፣ ልጅ ደግሞ 3 ወር ሙሉ «ቀጠሮ አለኝ» ብሎ አይጠብቅም። ለራሷ መተዳደሪያ የምትፈልግ ሚስትም የምትጠይቀው እዚህ ነው። ከፍቺ በኋላ የቀለብ ግዴታ ያለባቸውን ሰዎች የሚዘረዝረው የሕጉ ክፍል ውስጥ የቀድሞ ባል ወይም ሚስት የሉም። የእሷንና የልጆቹን ጥያቄ በአንድ ቁጥር ያደባለቀ አቤቱታ ፍቺው ሲወሰን የትኛው እንደቀረ ለማወቅ ያስቸግራል። ለየብቻ ይጻፉ።

ያልተከፈለ ቀለብ ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሕጉ ጊዜው ደርሶ በ3 ወር ውስጥ ያልተቀበሉትና ያልጠየቁት ቀለብ ይቀራል ይላል፣ ለመኖር የግድ አስፈላጊ እንደነበር ካልተረጋገጠ በቀር። «ዝም ብዬ ላጠራቅምና አንድ ላይ እጠይቃለሁ» ማለት ስለዚህ ያስከፍላል።

በስምምነት የሚፋቱም ከዚህ ነፃ አይደሉም። «ቤቱን ውሰጂ፣ ቀለብ ግን አትጠይቂኝ» የሚል ስምምነት ተጽፎ ይመጣል። ቀለቡ የልጁ መብት ነው፣ እናት ልትሸጠው አትችልም። ፍርድ ቤቱም ስምምነቱ የልጆቹን ጥቅም በበቂ ሁኔታ አይጠብቅም ካለ፣ ፍቺውን ብቻ አጽድቆ የስምምነቱን ውጤት የሚመለከተውን ክፍል ሊያስተካክል ይችላል። ስለዚህ የስምምነት ሰነዱም ላይ ከላይ ያየነው ዝርዝር፣ ከነቀኑና ከነብሩ ይግባ።

አቤቱታው ሲያልቅ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት የተጻፈው እውነት መሆኑ ተረጋግጦ ይፈረማል፣ በቁጥር 223 መሠረትም የማስረጃ ዝርዝር ይያያዛል። የጋብቻና የልደት ሰርተፍኬት፣ የትምህርት ቤት ደረሰኝ፣ የኪራይ ውል፣ የሐኪም ካርድ፣ የራስን የደመወዝ ማስረጃ፣ የምስክሮችን ስምና አድራሻ ይይዛል። ራፖር ጸሐፊ ዘንድ የምትጽፉ ከሆነ የወጪ ሒሳባችሁን በወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፣ እሱ ከራሱ ሊያመጣው አይችልም። ከውሳኔ በኋላ ልጁ ቢታመም፣ የአባት ደመወዝ ቢያድግ ወይም ከሥራ ቢወጣ፣ ኪራይ ቢጨምር፣ ሁኔታው መለወጡን በማስረጃ አሳይቶ ውሳኔው እንዲሻሻል ማመልከት ይቻላል። ያኔ ዳኛው የሚያነጻጽረው ከመጀመሪያው የወጪ ዝርዝር ጋር ስለሆነ ያን ወረቀት ከነደረሰኞቹ አስቀምጡት።